ታቹ የሾለ ታንከር ስንት ሊትር ይይዛል?

የኑግ ዘይት ከመጭመቂያው ሲወጣ ወዲያው የጠራ አይደለም። ደቃቅ የፍሬ ርዝራዥ ይዞ ስለሚወርድ፣ እስኪጠል ድረስ ሳይነካ መቆየት አለበት። ለዚህ ሥራ የሚመች ታንከር ላዩ ቀጥ ያለ ሲሊንደር፣ ታቹ ደግሞ እየጠበበ የሚወርድ ሾጣጣ ነው። ዝቃጩ በዘመመው ግድግዳ ተንሸራትቶ ጫፉ ላይ ይጠራቀማል፤ የሥሩ ቧንቧ ሲከፈትም ቀድሞ የሚወጣው እሱ ነው። መቀመጫው ጠፍጣፋ ቢሆን ኖሮ ዝቃጩ በወለሉ ሁሉ ተሰራጭቶ ለማውጣት ያስቸግር ነበር።

ችግሩ የሚመጣው ታንከሩ ስንት ሊትር እንደሚይዝ ሲጠየቅ ነው። ሲሊንደሩን ብቻ አስልቶ ሾጣጣውን የሚረሳ አለ። ከአናት እስከ ጫፍ ያለውን ቁመት በሙሉ እንደ ሲሊንደር የሚቆጥርም አለ። የመጀመሪያው ያሳንሳል፣ ሁለተኛው ያበዛል። ትክክለኛው መንገድ ሁለቱን ክፍሎች ለየብቻ አስልቶ መደመር ነው።

አንድ ታንከር እንውሰድ። የውስጥ ዲያሜትሩ 1.20 ሜትር ነው፤ ስለዚህ ሬዲየሱ የዚያ ግማሽ፣ 0.60 ሜትር ይሆናል። ቀጥ ያለው ክፍል ቁመቱ 1.50 ሜትር፣ ሾጣጣው ደግሞ ከመጋጠሚያው እስከ ጫፉ ቀጥ ብሎ ሲለካ 0.60 ሜትር ነው።

መጀመሪያ የክቡን ስፋት እናግኝ። ሬዲየሱን በራሱ ካበዛን በኋላ በ3.1416 ስናበዛው 1.131 ካሬ ሜትር ይመጣል። ይህን በሲሊንደሩ ቁመት በ1.50 ስናበዛ 1.696 ሜትር ኩብ እናገኛለን። አንድ ሜትር ኩብ 1,000 ሊትር ስለሆነ፣ የሲሊንደሩ ድርሻ 1,696 ሊትር ነው።

ወደ ሾጣጣው ስንመጣ ስሌቱ በአንድ ነገር ብቻ ይለያል። ሾጣጣ የሚይዘው አፉና ቁመቱ ከእሱ እኩል የሆነ ሲሊንደር ከሚይዘው አንድ ሦስተኛውን ነው። ይህን የተናገረው ከክርስቶስ ልደት በፊት የኖረው ግሪካዊው ዴሞክሪጦስ፣ ያረጋገጠው ደግሞ ኤውዶክሶስ መሆኑን አርኪሜዲስ ጽፏል። ለማመን ግን ማረጋገጫውን ማንበብ አያስፈልግም። ከወፍራም ወረቀት አፋቸውና ቁመታቸው እኩል የሆነ ሾጣጣና ሲሊንደር ሠርቶ፣ ሾጣጣውን በጤፍ እየሞሉ ወደ ሲሊንደሩ መገልበጥ ይበቃል፤ በሦስተኛው ሲሊንደሩ ይሞላል። በእኛ ታንከር 1.131ን በ0.60 አብዝተን ለ3 ስናካፍል 0.226 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 226 ሊትር ይሆናል። ሁለቱ ሲደመሩ ታንከሩ እስከ አፉ 1,923 ሊትር ገደማ ይይዛል።

ከዚህ አንድ አቋራጭ ይገኛል። የ60 ሳንቲ ሜትር ሾጣጣ የሚይዘው የ20 ሳንቲ ሜትር ሲሊንደር ያህል ነው። ስለዚህ የሾጣጣውን ቁመት ሲሶ በሲሊንደሩ ቁመት ላይ ደምሮ አንድ ጊዜ ብቻ ማስላት ይቻላል፦ 1.131 ሲባዛ በ1.70። ውጤቱ ያው ነው።

አሁን ስህተቶቹን በሊትር እንያቸው። ሾጣጣውን የረሳ ሰው 226 ሊትር ያጎድላል። የ2.10 ሜትሩን ቁመት በሙሉ እንደ ሲሊንደር የቆጠረ 2,375 ሊትር ያገኛል፤ ይህም 452 ሊትር ትርፍ ነው። በሬዲየስ ፈንታ ዲያሜትሩን በራሱ ያበዛ ደግሞ እውነተኛውን መጠን አራት እጥፍ ያደርገዋል። ይህኛው መልሱ ከመጠን ያለፈ ስለሚሆን ቶሎ ይታወቃል።

ሳይታወቅ የሚያልፈው ግን የሾጣጣው ቁመት አለካክ ነው። ሜትሩን በውጭ በኩል በዘመመው ላሜራ ላይ ዘርግቶ መለካት ይቀላል፤ የሚገኘው ግን ቁመት ሳይሆን የግድግዳው ርዝመት ነው። በእኛ ታንከር ይህ ርዝመት 85 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። እሱን እንደ ቁመት የወሰደ ሰው ለሾጣጣው 226 ሳይሆን 320 ሊትር ይመጣለታል። ትክክለኛውን ቁመት ለማግኘት በመጋጠሚያው ላይ ክር ወጥሮ፣ ከመሀሉ እስከ ጫፉ ቱንቢ ማውረድ ነው። ውስጡ የማይደረስበት ከሆነ የዘመመው ርዝመት በራሱ ይባዛል፤ ከዚያ ላይ በራሱ የተባዛው ሬዲየስ ይቀነስና የቀሪው ካሬ ሩት ይወሰዳል። 0.85 በራሱ 0.7225፣ 0.60 በራሱ 0.36፤ ልዩነቱ 0.3625 ሲሆን ካሬ ሩቱ 0.60 ነው።

የላሜራው ውፍረትና የቧንቧው ቀዳዳ ብዙም አያሳስቡም። ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር የሆነውን ታንከር በውጭ ዲያሜትሩ ብናሰላ 19 ሊትር ያህል ብቻ ይበልጣል። አምስት ሳንቲ ሜትር ስፋት ላለው ቧንቧ ተብሎ የተቆረጠው ጫፍ የሚያስቀረውም አንድ የቡና ስኒ እንኳ አይሞላም። የእህልና የሲሚንቶ ሳይሎዎች ግን አፋቸው ሰፊ ስለሆነ የተቆረጠው ጫፍ ራሱን የቻለ ትንሽ ሾጣጣ ተደርጎ ተሰልቶ መቀነስ አለበት።

ታንከሩ ሥራ ከጀመረ በኋላ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይነሣል፤ ግማሽ ላይ ሲሆን ስንት ሊትር አለው? በሲሊንደሩ ክፍል መልሱ ቀላል ነው፤ እያንዳንዱ ሳንቲ ሜትር 11.3 ሊትር ነው። በሾጣጣው ውስጥ ግን ከፍታው ሲቀንስ ስፋቱም አብሮ ይቀንሳል። ስለዚህ ግማሽ ከፍታ ላይ የሚገኘው የይዘቱ ግማሽ ሳይሆን አንድ ስምንተኛው ነው። ከጫፉ እስከ 30 ሳንቲ ሜትር የደረሰ ዝቃጭ 28 ሊትር ብቻ ነው፤ እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ደግሞ ሦስት ሊትር ተኩል። ከሾጣጣው ይዘት ግማሽ ያህሉ ያለው ከላይ ባሉት 12 ሳንቲ ሜትሮች ውስጥ ነው። መለኪያ ዘንግ ላይ ከላይ እስከ ታች እኩል መስመር የሚያሰምር ሰው በታችኛው በኩል የሚያነበው ቁጥር ሁሉ የተሳሳተ ይሆናል። መስመሮቹ በሾጣጣው ክፍል ከታች ተራርቀው፣ ወደ ላይ እየተቀራረቡ መሄድ አለባቸው።

ለሽያጭ የሚቆጠረው ዘይትም ከሙሉ ይዘቱ ያነሰ ነው። ከላይ 10 ሳንቲ ሜትር ባዶ ቦታ ቢተው 113 ሊትር ይቀነሳል። ዝቃጩ 30 ሳንቲ ሜትር ከደረሰ ሌላ 28 ሊትር ይቀነስና 1,782 ሊትር የጠራ ዘይት ይቀራል። አንድ ሊትር ዘይት 0.92 ኪሎ ግራም ገደማ ስለሚመዝን፣ ይህ ወደ 1,640 ኪሎ ነው።

ታንከሩ ከበያጁ እጅ ሲወጣ ስሌቱን በውኃ መፈተን ይቻላል። ቧንቧውን ዘግቶ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን እየቆጠሩ መሙላት ነው፤ በእኛ ምሳሌ ውኃው መጋጠሚያው ላይ የሚደርሰው ከ11 ጀሪካን በኋላ 6 ሊትር ያህል ሲጨመር ነው። ከ15 ጀሪካን በላይ ከወሰደ አንድ ሰው ዘመም ያለውን ርዝመት እንደ ቁመት አድርጎ ሠርቷል ማለት ነው። ፈተናው እስከ አፉ የሚቀጥል ከሆነ ግን መቆሚያ እግሮቹን አስቀድሞ ማየት ይገባል፤ ውኃ ከዘይት ስለሚከብድ፣ የታንከሩን ብረት ሳይጨምር 1,923 ኪሎ ይሸከማሉ።