መጋዘን ሙሉ ዕቃ ዕዳ ይከፍላል?

መርካቶ ውስጥ አንድ የቆርቆሮ አከፋፋይ አለ እንበል። 1 ሚሊዮን ብር በእጁ፣ 2 ሚሊዮን በዱቤ ሰዎች ዘንድ፣ 6 ሚሊዮን የሚያወጣ ዕቃ ደግሞ በመጋዘን አለው። በአንድ ዓመት ውስጥ የሚከፍለው ዕዳ 4.5 ሚሊዮን ነው። ጠቅላላው 9 ሚሊዮን በዕዳው ሲካፈል 2 ይመጣል፤ ከረንት ሬሾ የሚባለው ይህ ነው። ደህና ይመስላል።

ግን ግንባታ ሲቀዘቅዝ ቆርቆሮው ቶሎ አይሸጥም፤ ባንክም ዕዳውን በቆርቆሮ አይቀበልም። ክዊክ ሬሾ ስለዚህ ዕቃውን ትቶ ቀሪውን 3 ሚሊዮን ብቻ በዕዳው ያካፍላል። ውጤቱ 0.67 ነው፤ ለአንድ ብር ዕዳ 67 ሳንቲም። እሱም ዱቤው በጊዜው ከተሰበሰበ! ዕቃውን በየቀኑ በጥሬ ገንዘብ የሚሸጥ ሱፐርማርኬት በዚህ ቁጥር ሊዘልቅ ይችላል፤ አከፋፋዩን ግን ያሰጋዋል። ለእንዲህ ዓይነቱ ድርጅት ከማበደርዎ በፊት ዱቤው ስንት ወር እንደቆየ ይጠይቁ።