ቀለም ከመቀባቱ በፊት፦ የበያጅን ችሎታ በአንድ ሰዓት መለካት

የብረት በር ተበይዶ፣ በግራይንደር ተሞርዶ፣ ስቱኮ ተለቅልቆና ቀለም ተቀብቶ ሲቆም የጎበዝ በያጅ ሥራ ይሁን የጀማሪ በዓይን አይለይም። ልዩነቱ የሚወጣው ደንበኛው ከተረከበው በኋላ ነው። መዝጊያው ወለሉን መጎተት ይጀምራል፣ ወይም ማጠፊያው ከነብየዳው ተገንጥሎ ይቀራል። በያጅ የሚቀጥር የወርክሾፕ ባለቤት ታዲያ ምን ይዞ ይወስን? በስልክ የሚታይ የበር ፎቶ በሩን ማን እንደሠራው አይናገርም። አንደበተ ርቱዕ ሁሉ እጁ የተፈታ አይደለም። «ሦስት ቀን ሥራና እንይህ» የሚለው የተለመደ መንገድ ደግሞ ሠራተኛውን በነፃ ያሠራል እንጂ በትክክል አይለካም፤ አንዱ የደረሰው ቀላል ሥራ፣ ሌላው የደረሰው አስቸጋሪ ሊሆን ይችላልና።

የሚሻለው አስቀድሞ የታሰበበት፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት የሆነና በአንድ ሰዓት የሚያልቅ የተግባር ፈተና ነው። ዝግጅቱ የሚጀምረው «ምን ላሠራው?» ከሚለው ጥያቄ አይደለም። «ከደንበኛ ተመልሶ የሚመጣብን ሥራ ምን ሆኖ ነው የሚመጣው?» ብሎ ከመጠየቅ ነው። በርና መስኮት የሚሠራ ወርክሾፕ ይህን ቢጠይቅ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት መልስ ያገኛል፦ ፍሬሙ ማዕዘኑን አልጠበቀም፤ ብየዳው ሥር አልያዘም። ስለዚህ ፈተናውም ሁለት ሥራ ብቻ ይኑረው።

የመጀመሪያው ሥራ ትንሽ ፍሬም ነው። ተፈታኙ 30 በ30 የሆነ፣ የግድግዳው ውፍረት 1.5 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦላሬ አንድ ሜትር ተኩል ይሰጠዋል። አራቱንም ማዕዘን በ45 ዲግሪ ቆርጦ በውጭ ልኩ 300 በ400 ሚሊ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ይበይዳል። በገበያ ያለው ቱቦላሬ 6 ሜትር ስለሆነ አንዱ ዘንግ ለአራት ተፈታኞች ይበቃል። ልኩ እንዲሁ የተመረጠ አይደለም። ጎኖቹ 300 እና 400 የሆኑ፣ ማዕዘኑን የጠበቀ ፍሬም ከጥግ እስከ ጥግ ሲለካ ልክ 500 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ፈታኙ ሒሳብ ሳይሠራ ሜትሩን በሁለቱም አቅጣጫ ዘርግቶ ያነባል፤ ሁለቱም 500 ከሆኑ ፍሬሙ ቀጥ ያለ ነው።

ልዩነቱ ምን ያህል ሲሆን ይብቃ እንበል? ይህንንም የሚወስነው በሩ ነው። አንደኛው ሰያፍ 497፣ ሌላው 503 መጣ እንበል። ስድስት ሚሊ ሜትር በእንዲህ ያለ ትንሽ ፍሬም ላይ ለዓይን ብዙም አይታይም። ያው መዛነፍ 2.10 ሜትር ቁመት ባለው በር ላይ ቢደገም ግን የላይኛው ጫፍ ወደ 26 ሚሊ ሜትር ገደማ ወደ ጎን ይሄዳል። እንዲህ ያለ በር ከክፈፉ ጋር አይገጥምም። የሁለቱ ሰያፍ ልዩነት 1 ሚሊ ሜትር ቢሆን የበሩ መዛነፍ ከ4 ሚሊ ሜትር ብዙም አያልፍም፤ ይህ በመዝጊያና በክፈፍ መካከል በሚተው ክፍተት ሊቻል ይችላል። ስለዚህ እስከ 1 ሚሊ ሜትር ሙሉ ነጥብ፣ እስከ 2 ግማሽ፣ ከዚያ በላይ ዜሮ ቢባል ነጥቡ ከሥራው የመጣ ነው፤ ከፈታኙ ስሜት አይደለም።

ፍሬሙ ሲሠራም መታየት ያለበት ነገር አለ። ብየዳ ሲቀዘቅዝ ብረቱን ወደ ራሱ ይስበዋል። ይህን የሚያውቅ ሰው አራቱንም ጥግ መጀመሪያ በትናንሽ ነጥብ ይይዛል፣ ሰያፉን ይለካል፣ ካስፈለገ መታ አድርጎ ያቃናል፣ ከዚያ ተቃራኒ ጥጎችን እያፈራረቀ ይበይዳል። የማያውቀው አንዱን ጥግ ጨርሶ ወደ ሚቀጥለው ይሄዳል፤ መጨረሻ ላይ ፍሬሙ ጠምሞ ሲያገኘው በመዶሻ ይታገለዋል። ፈታኙ «ከመበየዱ በፊት ሰያፉን ለካ ወይስ አልለካም?» የሚል አንድ መስመር በወረቀቱ ላይ ካለው ይህ አያመልጠውም።

አንድ ክልከላ ግን በግልጽ ይነገር፦ ነጥብ እስኪሰጥ ድረስ ብየዳውን መሞረድ አይፈቀድም። 1.5 ሚሊ ሜትር ብረት ላይ እሳት የበዛበት በያጅ ቀዳዳ ይከፍታል፤ ቀዳዳውን በኤሌክትሮድ ደፍኖ በግራይንደር ካለሰለሰው ማን ያየዋል? ሳይሞረድ ሲቀር ግን ጥጉ እንዳለ ይታያል።

ሁለተኛው ሥራ የብየዳውን ሥር የሚያሳየው ነው። 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 50 ስፋትና 150 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያላቸው ሁለት ጠፍጣፋ ብረቶች ይዘጋጃሉ። አንዱ በሌላው ላይ በጠርዙ ቆሞ በአንድ ወገን ብቻ ይበየዳል። የብየዳው መስመር ሽቅብ የቆመ እንዲሆን ብረቱ በዚያው አቋም ይታሰራል፤ ማጠፊያ ቆሞ ባለ ክፈፍ ላይ ሲበየድም አቋሙ ይኸው ነውና። ተፈታኙ መሐል ላይ አንድ ጊዜ አቁሞ እንደገና እንዲጀምር ይነገረዋል፤ ብየዳ ብዙ ጊዜ የሚሰንፈው ኤሌክትሮድ በተቀየረበት ቦታ ስለሆነ። ከታች ወደ ላይ ይሂድ ወይስ ከላይ ወደ ታች፣ ይህ ግን አይነገረውም።

ብየዳው ሲቀዘቅዝ ብረቱ ሞርሳ ላይ ይታሰርና የቆመው ክፍል ካልተበየደው ወገን በመዶሻ እየተመታ ወደ ብየዳው እንዲተኛ ይደረጋል። ያን ጊዜ የሚከፈተው የብየዳው ሥር ነው። ሳይሰበር ተጣጥፎ ከተኛ አልፏል። ከተሰበረም ወድቋል ማለት አይደለም፤ የተሰበረው ፊት መነበብ አለበት። ሙሉው ሸካራና ግራጫ ከሆነ ብረቱ ከብረቱ ተዋሕዶ ነበር፣ የተሰበረው ጉልበት በዝቶበት ነው። ትናንሽ ክብ ቀዳዳዎች ካሉ አየር ታፍኖበታል። ጥቁርና ብርጭቆ መሳይ ነገር ከታየ የብየዳው ቅርፊት ሳይጠረግ ተበይዶበታል። ከሁሉም የከፋው የመጀመሪያው የብረት ጠርዝ እንደተቆረጠ፣ ሳይቀልጥ ቁልጭ ብሎ ሲታይ ነው። ያ ብየዳ ከላይ ተለጥፎ ነበር እንጂ ሥር አልያዘም።

ከላይ ወደ ታች የሚበይድ ሰው በዚህ የሚያዘው ለዚህ ነው። አካሄዱ ፈጣን ነው፣ መስመሩም ለዓይን የሚያምር ይሆናል። ነገር ግን በዚህ ውፍረት ላይ እሳቱ በቀላሉ ወደ ሥር አይገባም፣ ቅርፊቱም ከፊት ከፊት እየቀደመ ያስቸግራል።

ለሁሉም እኩል መሆን ያለበት ዝግጅቱ ነው። ብረቱ ከአንድ ዘንግ፣ ኤሌክትሮዱ ከአንድ ፓኬት ይሁን፤ ለሁለቱም ሥራ 2.5 ሚሊ ሜትር E6013 ይበቃል። ማሽኑ አስቀድሞ ተስተካክሎ አይጠብቀው፤ ለስሱ ቱቦላሬ አምፔሩን ዝቅ፣ ለወፍራሙ ከፍ ማድረግ ራሱ የፈተናው አካል ነው። ነገር ግን እያንዳንዱ ማሽን የራሱ ጠባይ ስላለው አሥር ደቂቃ፣ ሁለት ኤሌክትሮድና ቁርጥራጭ ብረት ለመለማመጃ ይሰጠው፤ ይህ ከሰዓቱ አይቆጠርም። ሥራው በንድፍ ወረቀት ላይ ከነልኩ ተስሎ ይቅረብ፣ በቃልም ይነገረው። ማስኩ፣ ጓንቱና የግራይንደር መነጽሩ ከቤቱ ይቅረቡለት። ሁሉ ቀርቦለት ያለ መነጽር ወይም መከላከያው በወለቀ ግራይንደር ለመቁረጥ የተነሳ ሰው ግን ነጥቡ ሳይቆጠር ፈተናው እዚያው ይቆማል።

ነጥቡ ተፈታኙ ከመምጣቱ በፊት በወረቀት ላይ ይስፈር። ለፍሬሙ ልክ 15፣ ለሰያፉ 20፣ ለጥጎቹ ብየዳ 20፣ ለስብራቱ 35፣ ለአሠራር ቅደም ተከተል 10 እንበል። አሁን ሁለት ተፈታኞች እንውሰድ። አንደኛው በ35 ደቂቃ ሁለቱንም ጨረሰ። ጥጎቹ ያማሩ ናቸው፤ ሰያፉን ግን ከመበየዱ በፊት አልለካም፣ 497 እና 503 መጣበት። የቆመውን ብየዳ ከላይ ወደ ታች አውርዶት ሲሰበር 40 ሚሊ ሜትር ያህል ያልቀለጠ ጠርዝ ታየ። ድምሩ 15፣ ዜሮ፣ 20፣ ዜሮ፣ 5፤ በአጠቃላይ 40 ነው። ሁለተኛው 55 ደቂቃ ፈጀ። መስመሩ ወጣ ገባ ነው፣ አንዱን ጥግም ቀድዶ ደፍኖታል። ሰያፉ 500 እና 501 ሆነ፣ ብየዳውም ሳይሰበር ተኛ። የእሱ 15፣ 20፣ 10፣ 35፣ 10፤ ድምሩ 90። ወረቀቱ ባይኖር ኖሮ ብዙ ባለቤት የሚቀጥረው ፈጣኑንና ያማረውን ነበር።

በአገራችን ሥራ ፈላጊ ብዙ ጊዜ የሚመጣው በሰው በሰው ነው፤ የእገሌ ዘመድ መሆኑን የሚያውቅ ፈታኝ እጁ ሊላላ ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው። ብረቱ ላይ ስም ሳይሆን ቁጥር ይጻፍ፤ ሲሠራ ያላየው ሌላ ሰው ይለካው፣ ስብራቱንም ያንብበው። ሁለቱ ፈታኞች በነጥብ ከተራራቁ ብረቱ እዚያው ስላለ አብረው ያዩታል።

ፈተናው ራሱም መጀመሪያ ይፈተን። የቤቱ ጎበዝ በያጅና አንድ ረዳት ልጅ ይሥሩት። ሁለቱም ተቀራራቢ ነጥብ ካገኙ ፈተናው መለየት አልቻለም፤ ልኩ ወይም ሥራው ይስተካከል። ጎበዙ 40 ደቂቃ ከፈጀበት፣ ለማያውቀው ቤት ለመጣ እንግዳ አንድ ሰዓት መስጠት ተገቢ ነው። ጎበዙ ራሱ በሰዓቱ ካልጨረሰው ፈተናው የሚለካው ጥድፊያ ነው።

ይህ አንድ ሰዓት የማይነግረን ብዙ ነገር አለ። ሰውየው ሰዓት አክባሪ መሆኑን፣ ከደንበኛ ጋር እንዴት እንደሚነጋገር፣ ሙሉ ቀን ሲሠራ እጁ እንደማይዝል አያሳይም። ለግፊት ቧንቧ ወይም ለሕንፃ ተሸካሚ ብረት የሚቀጠር በያጅ በዚህ ሊመዘን አይገባም፤ ለዚያ ደረጃውን የጠበቀ የብየዳ ፈተና ያስፈልጋል። የሙያ ብቃት ምዘናውን፣ ማለትም ሲኦሲውንም አይተካም። ሲኦሲ ሰውየው በሙያው የትኛው ደረጃ ላይ እንዳለ ይመሰክራል፤ የወርክሾፑ ፈተና የሚመልሰው ይህ ሰው የዚህን ቤት በር መሥራት ይችላል ወይ የሚለውን ብቻ ነው።

የወደቀም ቢሆን የሰበረውን ብረት አይቶ ይሂድ፤ ያልቀለጠውን ጠርዝ በጣት አሳይቶ ለመንገር ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ፍሬሙ ደግሞ ለሽያጭ ሳይሆን ለቁርጥራጭ ይሂድ። ለፈተና የተሠራ ዕቃ በር ላይ ከተገጠመ ተፈታኙ ያለ ደመወዝ ሠርቷል ማለት ነው፤ ወሬው ሲዳረስም ጎበዞቹ ወደዚያ ቤት መምጣት ይተዋሉ።