ታኅሣሥ 22 ወይስ 23? የልደት ቀን የታዳጊ ስፖርተኞችን ዕድል እንዴት ይወስናል?

እአአ በኦገስት 2021 የዓለም ከ20 ዓመት በታች የአትሌቲክስ ሻምፒዮና በናይሮቢው ካሳራኒ ስታዲየም ሲካሄድ፣ የዕድሜ ገደቡ ቁርጥ ያለ ነበር። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2002 በፊት የተወለደ አትሌት መወዳደር አይችልም።

ይህ ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ታኅሣሥ 23 ቀን 1994 ዓ.ም. ነው። ከአንድ ቀን በፊት፣ ታኅሣሥ 22 የተወለደ ወጣት ከውድድሩ ውጪ ሆኗል፤ በማግስቱ የተወለደው ግን የምድቡ ታላቅ ሆኖ መግባት ይችል ነበር።

በ19 ዓመት ዕድሜ የጥቂት ወራት ልዩነት ያን ያህል ላይታይ ይችላል። በ10 ዓመት ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። በአንድ ዓመት መጀመሪያና መጨረሻ የተወለዱ ሁለት ልጆች በአንድ ምድብ ሲሰለፉ፣ ታላቁ የታናሹን ዕድሜ አንድ አስረኛ የሚያህል ተጨማሪ ጊዜ አድጓል። ረዘም፣ ፈጠንም ይላል። አሠልጣኙ ይህንን እንደ ተሰጥዖ ያየውና ይመርጠዋል። የተመረጠው ልጅ የተሻለ ሥልጠናና ጠንካራ ጨዋታ ያገኛል፤ መጀመሪያ የአካል ዕድገት ብቻ የነበረው ብልጫ ውሎ አድሮ እውነተኛ ችሎታ ይሆናል። ያልተመረጠው ብዙ ጊዜ ስፖርቱን ይተዋል። ተመራማሪዎች ይህንን 'የአንጻራዊ ዕድሜ ተጽዕኖ' ይሉታል።

ወሩ ራሱ ምንም የተለየ ነገር የለውም። ቤልጂየም እአአ በ1997 የታዳጊ እግር ኳስ ምድቦችን መነሻ ከኦገስት 1 ወደ ጃንዋሪ 1 ስታዛውር፣ ዌርነር ሄልሰንና ባልደረቦቹ በምርጥ ታዳጊ ቡድኖች ውስጥ ብልጫው አብሮ ወደ ጃንዋሪ ልጆች መዞሩን አሳይተዋል።

መፍትሔው ለመልማዮች የልደት ቀን መንገር ይመስላል። ኔዘርላንድስ ውስጥ ዴቪድ ማን እና ባልደረባው እአአ በ2017 ባሳተሙት ጥናት ግን የልደት ቀናትን ዝርዝር የያዙ መልማዮችም ለታላላቆቹ ማድላታቸውን አልተዉም። አድልዎው የጠፋው የማሊያ ቁጥር በዕድሜ ቅደም ተከተል ሲሰጥ ነው። መልማዩ ቁጥሩን ባየ ቁጥር ማን ታላቅ፣ ማን ታናሽ እንደሆነ ያስታውሳል።

ይህ ዘዴ ግን ትክክለኛ የልደት ቀን ይፈልጋል። ኢትዮጵያ አገር አቀፍ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የጀመረችው እአአ በኦገስት 2016 ነው። ማስረጃ በሌለበት ዕድሜ በቁመት ይገመታል፤ ያኔ ቀድሞ ያደገ ልጅ 'ዕድሜ ደብቋል' ተብሎ ሊጠረጠር ይችላል።

የምድቡ ታናሾች አያሸንፉም ማለት አይደለም። በካሳራኒ የ800 ሜትር ወርቅ የወሰደው ኬንያዊው ኢማኑኤል ዋንዮኒ የተወለደው በኦገስት 2004 ነው፤ ከምድቡ ታላላቆች በሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ያንሳል። በ2024 ደግሞ በፓሪስ የኦሊምፒክ ሻምፒዮን ሆኗል። በ10 ዓመታቸው ሳይመረጡ የቀሩት ግን በካሳራኒው መም ላይ አልታዩም።