ከፈተናው በኋላ ጥያቄዎቹም ይታረሙ

“ውሃ በስንት ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል?” አማራጮቹ ሀ. 0፣ ለ. 92፣ ሐ. 100፣ መ. 120 ናቸው። በመልስ ቁልፉ ላይ የተጻፈው ሐ ነው። አብዛኛው አንባቢም ሳያመነታ ሐን ይመርጣል። ጥያቄው የቀረበው ግን አዲስ አበባ ውስጥ፣ የአየር ግፊትና ከፍታ ምን ዝምድና እንዳላቸው ገና ባለፈው ወር ለተማሩ የ8ኛ ክፍል ልጆች ቢሆንስ? ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ በሆነ ቦታ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ትምህርቱን በጥሞና የተከታተለችው ልጅ ለን ትመርጥና ማርክ ታጣለች። 100 የምትለዋን ቁጥር ብቻ የሸመደደው ግን ማርኩን ይወስዳል።

እንዲህ ያለው ጥያቄ ሲነበብ ምንም እንከን አይታይበትም። መምህሩም፣ የትምህርት ክፍል ተጠሪውም አይተውት ያልፋሉ። ጉድለቱ የሚታወቀው ልጆቹ ከመለሱት በኋላ ነው። በብዙ ትምህርት ቤቶች ግን ወረቀቱ ታርሞ፣ ውጤቱ ሮስተር ላይ ከሰፈረ በኋላ ነገሩ በዚያው ያበቃል፤ ጥያቄውም በሚቀጥለው ዓመት እንዳለ ይመለሳል። የጥያቄ ትንተና የሚባለው ሥራ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ሥራው የታረሙትን ወረቀቶች እንደገና ማየትን ይጠይቃል፤ በዚህኛው ዙር ግን የሚመዘነው ተማሪው ሳይሆን ጥያቄው ነው።

አካሄዱን በምሳሌ እንየው። አንዲት መምህርት 60 ተማሪዎች ላሉበት ክፍል 20 የምርጫ ጥያቄዎች ያሉት ፈተና ሰጠች እንበል። አርማ ስትጨርስ ወረቀቶቹን ከከፍተኛው ውጤት እስከ ዝቅተኛው በቅደም ተከተል ትደረድራለች። ከላይ 16፣ ከታች 16 ወረቀት ታነሣና የመሀሉን 28 ወደ ጎን ታደርጋለች። 16 የተባለው ከ60 ተማሪዎች 27 በመቶ ገደማ ስለሆነ ነው። አሜሪካዊው ትሩማን ኬሊ በ1939 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ ሁለቱ ቡድኖች በችሎታ በደንብ እንዲራራቁ፣ በቁጥርም እንዳያንሱ የሚያስታርቀው ልክ 27 በመቶ እንደሆነ በስሌት አሳይቷል። መምህርቷ 15 ወይም 18 ብታነሣም ሥራው አይበላሽም፤ ዋናው የላይኛውና የታችኛው ቡድን እኩል መሆናቸው ነው።

ቀጥሎ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ሀን፣ ለን፣ ሐንና መን የመረጡትን በየቡድኑ ትቆጥራለች። በውሃው ጥያቄ ላይ ይህን አገኘች እንበል፦ ከላይኛው ቡድን 7ቱ ሐን፣ 9ኙ ለን መርጠዋል። ከታችኛው ቡድን ደግሞ 11ዱ ሐን፣ 2ቱ ለን፣ 2ቱ መን፣ አንዱ ሀን መርጠዋል።

ከዚህ ሁለት ቁጥሮች ይወጣሉ። የመጀመሪያው የጥያቄው ቅለት ነው፤ ትክክል የመለሱት ለጠቅላላው ተካፍለው ይገኛል። ከሁለቱ ቡድን 7 ሲደመር 11፣ ማለትም 18 ልጆች መልሰውታል፤ 18 ለ32 ሲካፈል 0.56 ይሆናል። አሐዙ ወደ 1 ሲጠጋ ጥያቄው ቀላል፣ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ከባድ ነው። አራት አማራጭ ባለው ጥያቄ በግምት ብቻ 0.25 ማግኘት ይቻላል። ስለዚህ ተማሪዎችን ለመለየት ለተዘጋጀ ፈተና ተስማሚው ቅለት በ0.25 እና በ1 መካከል፣ 0.62 አካባቢ ነው ይባላል። በዚህ መመዘኛ የውሃው ጥያቄ ጥሩ ይመስላል። ብዙ መምህራን እዚህ ላይ ማቆማቸው ያሳዝነኛል፤ ቅለቱ ስንት ልጅ እንደመለሰው እንጂ የትኞቹ ልጆች እንደመለሱት አይናገርምና።

ይህን የሚናገረው ሁለተኛው ቁጥር፣ የመለየት ኃይሉ ነው። ከላይኛው ቡድን ትክክል ከመለሱት የታችኛው ቡድን ይቀነስና በአንዱ ቡድን ብዛት ይካፈላል። 7 ሲቀነስ 11 ከዜሮ በታች 4 ነው፤ ለ16 ሲካፈል ከዜሮ በታች 0.25 ይመጣል። በሌላ አነጋገር፣ በጠቅላላው ፈተና ጎበዝ የሆኑት ይህን ጥያቄ ከደካሞቹ በባሰ ሁኔታ ስተውታል። ጤነኛ ጥያቄ ይህን አያደርግም። የምዘና ሊቁ ሮበርት ኢብል ባስቀመጠው መለኪያ 0.40 እና ከዚያ በላይ በጣም ጥሩ ነው፤ ከ0.30 እስከ 0.39 ደህና ነው፤ ከ0.20 እስከ 0.29 መሻሻል የሚያሻው ነው፤ ከዚያ በታች የሆነው ይጣላል ወይም ከሥሩ ይታደሳል።

ከዜሮ በታች የሆነ ቁጥር ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የመልስ ቁልፉ ነው። በጥድፊያ ለ ሊባል ሲገባ ሐ ተብሎ የተጻፈበት ጊዜ ጥቂት አይደለም፤ የላይኛው ቡድን በአንድ “የተሳሳተ” ፊደል ላይ ተሰባስቦ ከተገኘ ይህ ዋናው ምልክት ነው። ቁልፉ ትክክል ከሆነ፣ ያ ፊደል ሁለተኛ ትክክለኛ መልስ ይሆን ወይ ተብሎ ይታያል። በእኛ ምሳሌ የሆነው ይኸው ነው። 100 ዲግሪ ትክክል የሚሆነው በባሕር ወለል ከፍታ ላይ ላለ ንጹሕ ውሃ ነው፤ ጥያቄው ግን ቦታውን አልጠቀሰም። በጥያቄው ውስጥ የጎደለውን ሐሳብ ራሳቸው ሞልተው ያነበቡት ልጆች ተቀጡ።

መምህርቷ አሁን ሁለት ሥራ አለባት። አንደኛው የዛሬዎቹ ልጆች ጉዳይ ነው፦ ወረቀቱ ከመመለሱ በፊት ለም ሐም ትክክል ተብለው ማርኩ ይስተካከል። ይህ ችሮታ አይደለም፤ ልጆቹ ያገኙትን መስጠት ነው። ሁለተኛው ጥያቄውን ማደስ ነው። “በባሕር ወለል ከፍታ” የሚል ሐረግ መጨመር ቀላሉ መንገድ ነው፤ ግን ያኔም የሚለካው ሽምደዳውን ነው። እኔ ብሆን እንዲህ እለውጠው ነበር፦

አዲስ አበባ ውስጥ በክፍት ድስት የተጣደ ንጹሕ ውሃ የሚፈላው በስንት ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው?
ሀ. ከ100 በታች፣ ምክንያቱም የአየር ግፊቱ ከባሕር ወለሉ ያነሰ ነው
ለ. ከ100 በታች፣ ምክንያቱም የከተማዋ አየር ቀዝቃዛ ነው
ሐ. ልክ በ100፣ ምክንያቱም የመፍያ ነጥብ በቦታ አይለወጥም
መ. ከ100 በላይ፣ ምክንያቱም የአየር ግፊቱ ከባሕር ወለሉ ያነሰ ነው

እያንዳንዱ የተሳሳተ አማራጭ አንድ እውነተኛ የተማሪ ስሕተት ይዟል። ለን የመረጠ ውጤቱን አውቆ ምክንያቱን ስቷል፤ መን የመረጠ ምክንያቱን ይዞ አቅጣጫውን አዛብቷል። የፈተናው ማግስት ክለሳ በየትኛው ላይ ማተኮር እንዳለበት መምህርቷ ከቆጠራው ታውቃለች።

የተሳሳቱ አማራጮች የሚገባቸውን ያህል ትኩረት አያገኙም። ዕፅዋት ምግባቸውን ለማዘጋጀት ከአየር የሚወስዱት ጋዝ የቱ ነው ተብሎ ኦክስጅን፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ጨው፣ አሸዋ ቢቀርብ፣ ጨውና አሸዋን የሚመርጥ አይኖርም። ከላይኛው ቡድን 14፣ ከታችኛው 10 ልጆች ቢመልሱት ቅለቱ 0.75፣ የመለየት ኃይሉ 0.25 ይሆናል። ይህ ጥያቄ በወረቀት ላይ አራት አማራጭ አለው፤ በተግባር ግን ሁለት ብቻ ነው ያለው፤ ምንም ያልተማረ ልጅም ግማሽ በግማሽ ዕድል አለው። ከ5 በመቶ በታች ተማሪ የመረጠው አማራጭ ሥራ እንደፈታ ይቆጠራል። በጨውና በአሸዋ ፈንታ ናይትሮጅንና ሃይድሮጅን ቢገቡ ጥያቄው ነፍስ ይዘራል፤ በተለይ ናይትሮጅን የአየር 78 በመቶ መሆኑን የሰማ፣ ግን የዕፅዋቱን ነገር ያልተረዳ ልጅ ይሳባል።

ቅለቱ 0.25 አካባቢ ሆኖ አራቱም ፊደላት በሁለቱም ቡድን በእኩል ከተበተኑ ደግሞ ክፍሉ በሙሉ ገምቷል ማለት ነው። እዚህ ላይ ጥያቄውን ከመነካካት በፊት ትምህርቱ በእርግጥ ተሰጥቶ እንደነበር የማስተማሪያ ዕቅዱን ማየት ይገባል።

በቁጥሮቹ መመራት ተገቢ ነው፤ መታወር ግን አይገባም። በ16 ልጆች ቡድን ውስጥ የአንድ ልጅ መልስ ብቻ ቁጥሩን በ0.06 ያንቀሳቅሰዋል። ስለዚህ 0.25 ያመጣውንና 0.31 ያመጣውን ጥያቄ የለያቸው ምናልባት ያን ቀን የታመመ አንድ ተማሪ ይሆናል። ሌሎች ሴክሽኖችም ያንኑ ፈተና ከወሰዱ ወረቀቶቹን አንድ ላይ መደርደር ቁጥሩን ያጠነክረዋል። ሁሉም ልጆች የመለሱት ጥያቄ የመለየት ኃይሉ ዜሮ ነው፤ ግን ጥያቄው ሁሉም ሊያውቀው የሚገባ መሠረታዊ ነገርን የሚመለከት ከሆነ ዜሮው ጥሩ ዜና ነው፤ ጥያቄው ይቆይ። ኩረጃ ደግሞ ሁሉንም ያበላሻል። ከአንድ ጎበዝ ልጅ የገለበጠ አንድ ረድፍ ላይኛው ቡድን ውስጥ ይገባና የጥያቄው ቁጥር የማንን ዕውቀት እንደሚያሳይ አይታወቅም። አንድ ረድፍ ተመሳሳይ ስሕተቶችን በተመሳሳይ ጥያቄዎች ላይ ከደገመ እነዚያን ወረቀቶች ከቆጠራው ማውጣት ይሻላል።

60 ወረቀት አርሞ የደከመ መምህር ይህን ሁሉ መቁጠር አልችልም ቢል እረዳዋለሁ። አቋራጭ አለ። ታርመው በውጤት የተደረደሩት ወረቀቶች ለሁለት ይከፈሉና የላይኛው ግማሽ በክፍሉ ቀኝ፣ የታችኛው ግማሽ በግራ ለተቀመጡት ይታደላል፤ ማንም የራሱን ወረቀት አይይዝም፤ ስሙም ይሸፈናል። መምህሩ “አንደኛ ጥያቄ፣ የያዛችሁት ወረቀት ትክክል የሆነ እጅ አውጡ” እያለ የቀኙንና የግራውን እጅ ለየብቻ ቆጥሮ ይጽፋል። የትኛው ወገን የትኛው እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። 20ውም ጥያቄ በአንድ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ያልቃል። የግራው እጅ ከቀኙ የበዛባቸውን ጥያቄዎች ብቻ ነጥሎ አማራጮቻቸውን መመርመር ይበቃል።

ታድሶ የተመለሰ ጥያቄም እንደገና ይፈተሻል። የአዲሱ የውሃ ጥያቄ ቅለት ከ0.56 ወደ 0.45 ቢወርድ መደንገጥ አያስፈልግም፤ የመለየት ኃይሉ ከዜሮ በታች ወጥቶ 0.35 ከደረሰ ጥያቄው ድኗል። ለዚህ መዝገብ ያስፈልጋል። የትምህርት ክፍል ተጠሪዎች፣ ለእያንዳንዱ ጥያቄ አንድ ካርድ አዘጋጁና ጥያቄውን፣ ያመጣቸውን ሁለት ቁጥሮችና የተለወጠውን ቃል ጻፉበት። ወላጆችም ልጃችሁ “መልሴ ትክክል ነበር” ካለች ከመገሠጻችሁ በፊት ጥያቄውን አንብቡት፤ ከመምህሯም ጋር ተነጋገሩበት።