ሳተርን ጨረቃዋን ሲጋፋ፦ ኮከብ ቆጣሪዋ ለደንበኛዋ የጻፈችው ደብዳቤ

አንዲት ሴት ጥር 10 ቀን 1982 ዓ.ም.፣ በከተራ ዕለት፣ አዲስ አበባ ተወልዳለች እንበል። እናቷ «የወለድኩሽ በ3 ሰዓት ነው» ብለዋታል። እሷም ቀኑን ወደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር መልሳ ጃንዋሪ 18 ቀን 1990 ትላለች፤ ሰዓቱን ግን እንዳለ 3:00 ብላ ስልኳ ላይ ባለው የኮከብ ቆጠራ መተግበሪያ ታስገባለች። መልሱ ይመጣል፦ ሳተርን ጨረቃዋን በትክክለኛ 90 ዲግሪ ይመታታል፤ ትርጓሜውም የእናት ፍቅር ማጣት፣ ብቸኝነት፣ የማይለቅ ሐዘን ነው። ሴትዮዋ ደንግጣ ለአንዲት ልምድ ላላት ኮከብ ቆጣሪ ትጽፋለች። ሁለቱንም ሴቶች ለዚህ ጽሑፍ የፈጠርኳቸው እኔ ነኝ፤ ሰማዩን ግን አልፈጠርኩትም። በዚያ ዕለት ሳተርንና ጨረቃ የነበሩት ከዚህ በታች በምጽፈው ቦታ ነው።

አውደ ነገሥት የሚያውቅ አንባቢ «ኮከቧ በስሟና በእናቷ ስም አይቆጠርም ወይ?» ሊል ይችላል። ይህኛው መንገድ ሌላ ነው። የምዕራባውያን ኮከብ ቆጠራ የሚነሳው ከተወለዱበት ደቂቃና ቦታ ሲሆን፣ በዚያች ቅጽበት ፀሐይ፣ ጨረቃና ፕላኔቶች በ360 ዲግሪው ክብ ላይ የት እንደነበሩ ይሰፍራል። ሁለት አካላት በመካከላቸው 90 ዲግሪ ሲኖር፣ ማለትም የክቡ ሩብ ሲለያያቸው፣ ስኩዌር ሆኑ ይባላል። በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እስክንድርያ ላይ የጻፈው በጥሊሞስ ይህን ማዕዘን ከማይስማሙት ይመድበዋል። ጨረቃ በዚህ ትምህርት እናትን፣ ቤትን፣ እንቅልፍን፣ ምግብን፣ ሆድ ውስጥ የሚመላለሰውን ስሜት ሁሉ ትወክላለች። ሳተርን ደግሞ ዕድሜን፣ ግዴታን፣ ድንበርንና ብርድን። ስኩዌሩ ሁለቱ አንድ ቤት ውስጥ ሆነው ሳይግባቡ እንደመኖር ይቆጠራል።

ኮከብ ቆጣሪዋ ደብዳቤውን ከመጀመሯ በፊት ያነሳችው ስለ ሳተርን አልነበረም። «3 ሰዓት ያሉት እናትሽ የጠዋቱን ነው የሌሊቱን?» ብላ ጠየቀች። መልሱ «የጠዋት፣ ታቦት ሳይወጣ» የሚል ሆነ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የጠዋቱ 3 ሰዓት መተግበሪያው በሚያውቀው አቆጣጠር 9:00 ነው፤ ሴትዮዋ ያስገባችው ግን ከሌሊቱ 9 ሰዓትን ሆኗል። ጨረቃ በየሰዓቱ ግማሽ ዲግሪ ያህል ስለምትሄድ በስድስት ሰዓት ውስጥ 3 ዲግሪ ትጓዛለች። ሳተርን በዚያ ዕለት ጀዲ ላይ 18ኛው ዲግሪ ገደማ ነበር። ጨረቃ በሌሊቱ ስሌት ሚዛን ላይ 18 ገደማ ስትሆን፣ በጠዋቱ ስሌት 21 ላይ ደርሳለች። ስኩዌሩ አልጠፋም፤ ነገር ግን «ትክክለኛ» የተባለው 90 ዲግሪ በ3 ዲግሪ ላልቷል፤ ጨረቃም ማዕዘኑን አልፋ መራቅ ጀምራለች። አገር ቤት ተወልደው በፈረንጅ መተግበሪያ ኮከባቸውን የሚያዩ ሰዎች መጀመሪያ ማጣራት ያለባቸው ይህን ነው። የስድስት ሰዓት ስሕተት ጨረቃን ያንሸራትታል፤ በልደቱ ሰዓት በምሥራቅ አድማስ የሚወጣውን ኮከብ ግን ጭራሽ ሌላ ያደርገዋል።

ከዚያ በኋላ ደብዳቤው ተጻፈ።

«ውድ እህቴ፣

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መተግበሪያው የነገረሽን ልሽር አልመጣሁም፤ ሳተርንና ጨረቃ በልደትሽ ዕለት ተጋፍተዋል፤ ይህ እውነት ነው። ግን አንቺን ብቻ የነካ ነገር አድርገሽ እንዳታዪው። ጨረቃ ክቡን በ27 ቀን ስለምትዞር በየዙሩ ሁለት ጊዜ ሳተርንን በዚህ ማዕዘን ታገኘዋለች። በግራም በቀኝም 6 ዲግሪ ብንፈቅድ እያንዳንዱ ግንኙነት አንድ ቀን ያህል ይቆያል። ስለዚህ ከአሥራ አራት ሰው አንዱ ገደማ ይኸው አለው። አብረውሽ የተማሩትን ብታስቢ በየክፍልሽ ሁለት ሦስት ልጆች ነበሩ ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ የተወለድሽው ፀሐይ ከወጣች በኋላ ነው። የጥንቶቹ የሙያው ሰዎች ሳተርን ቀን ለተወለደ ሰው ይለዝባል፣ ሌሊት ለተወለደ ይከብዳል ይላሉ። አንቺ ያስገባሽው ሰዓት የሌሊት ልጅ ስላደረገሽ ነው ነገሩ እንዲያ የጠቆረው። ደግሞም ሳተርን ያኔ ጀዲ ላይ፣ በገዛ ቤቱ ነበር። ጨረቃሽ ያለችበት ሚዛን ደግሞ ሳተርን የሚከብርበት ነው። ስለዚህ ጨረቃሽን የሚጋፋት ባዕድ አይደለም፤ በእሱ ግዛት የተቀመጠች እንግዳው ናት። ኃይለኛ ባለቤት ነው፤ እንግዳውን ግን አያባርርም።

ይህ በኑሮ ምን ሊመስል ይችላል? ቤት ውስጥ ቶሎ ትልቅ ሰው የሆነች ልጅ። ታናናሾቿን ያጠበች፣ እናቷ ሲደክማቸው ያየችና የራሷን ለቅሶ ለሌላ ቀን ያቆየች። ካደገች በኋላም ሰው ሲቸገር ቀድማ የምትደርስ፣ ራሷ ሲከፋት ግን ስልክ አንስታ «ነይልኝ» ማለት የሚያቅታት። እናትሽ አልወደዱሽም አልልሽም። እንዲህ ያለ ነገር ከሰንጠረዥ አይነበብም፤ የሚነግርሽ ካለም አትመኚው። ጨረቃሽ የምታሳየው አንቺ እናትነትን እንዴት እንደተቀበልሽው ነው፤ እናትሽ ያኔ ስንት ሸክም እንደነበረባቸው ግን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። የጻፍኩት ካልመሰለሽ አልመሰለኝም በዪኝ፤ ልታስማሚው አትታገዪ።

ስለ ጊዜው ጠይቀሽኛል። ሳተርን ዙሩን በ29 ዓመት ተኩል ይጨርሳል። በ2011 ዓ.ም. ወደ ልደት ቦታው ተመልሶልሽ ነበር፤ ሚያዝያ ላይ ደግሞ ጀዲ 20ኛው ዲግሪ ላይ ቆሞ ጨረቃሽን ዳግም ተጋፋት። ያን ዓመት ምን እንደሆንሽ አልገምትም፤ አንቺ ጻፊልኝ። ቀጥሎ የሚመጣው በ2019 ዓ.ም. ሚያዝያና ግንቦት ገደማ ነው፤ ሳተርን ሐመል ላይ ሆኖ ከጨረቃሽ ፊት ለፊት ይቆማል። የሞትና የመለያየት ወሬ አልነግርሽም፤ አላውቀውምና። ለዚያ ወቅት የምመክርሽ ከአቅምሽ በላይ የሆነ የቤተሰብ ኃላፊነት ለብቻሽ ከመሸከምሽ በፊት ከወንድሞችሽ ጋር እንድትከፋፈይው ነው።

እንቅልፍ ማጣቱና የምግብ ፍላጎት መጥፋቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ከዘለቀ ወደ ሐኪም ሂጂ። እሱ የእኔ ሥራ አይደለም።

አክባሪሽ።»

ይህ ደብዳቤ ለስለስ ያለው ክፉውን ስለደበቀ አይደለም። የሚያስፈራውን ነገር ስሙን ጠርቶ መጠኑን ሰጥቶታል፦ ስንት ዲግሪ እንደሆነ፣ እየቀረበ ነው ወይስ እየራቀ፣ ስንት ሰው እንደሚጋራው፣ ምን እንደሚያለዝበው። መተግበሪያው የሰጠው ጽሑፍ ይህ ሁሉ ይጎድለዋል። ለየማዕዘኑ አንድ ቋሚ አንቀጽ ተቀምጦለት፣ ማዕዘኑ ባለበት ሁሉ ያንኑ ያወጣል፤ ግማሽ ዲግሪም ይሁን ሰባት፣ ቀንም ይሁን ሌሊት ልዩነት የለውም። እንደዚህ ባለው አንቀጽ እንቅልፉን የሚያጣ ሰው ያሳዝነኛል። ሳተርንን እንደ መርዶ ነጋሪ ብቻ ማንበብ በሙያው ውስጥም ቢሆን አከራካሪ ሆኗል። ሊዝ ግሪን በ1976 ስለ ሳተርን ያሳተመችው መጽሐፍ ይህን ፕላኔት ሰው ራሱን እንዲያውቅ እንደሚያስገድድ መምህር አቅርቦት፣ ከዚያ ወዲህ የብዙ ኮከብ ቆጣሪዎች አነጋገር ተለውጧል።

የሙያው ሰዎች ለሳተርንና ለጨረቃ ስኩዌር ደጋግመው የሚጠቅሷት ማሪሊን ሞንሮ ናት። ጁን 1 ቀን 1926 ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል ሎስ አንጀለስ ስትወለድ ሳተርን አቅራብ ላይ 21፣ ጨረቃ ደለዊ ላይ 19 ዲግሪ ነበሩ። እናቷ ግላዲስ በጨቅላነቷ ለአሳዳጊዎች ሰጠቻት፤ በኋላ በአእምሮ ሕመም ሆስፒታል ገባች፤ ልጅቱም በ1935 ወላጅ አልባ ሕፃናት ማሳደጊያ ገባች። ምሳሌው ልክ የተሰፋ ልብስ ይመስላል፤ መጠንቀቅ የሚገባውም ለዚህ ነው። በዚያው ጠዋት በዚያች ከተማ የተወለዱ ሌሎች ሕፃናትም ያንኑ ማዕዘን ይዘው መጥተዋል፤ ስለ እነሱ ግን ማንም መጽሐፍ አልጻፈም። ታሪኩ ከታወቀ በኋላ ማዕዘኑን ማግኘት ቀላል ነው፤ ከማዕዘኑ ተነስቶ ታሪኩን መንገር ግን ሌላ ፈተና ነው።

ያ ፈተና ተሞክሯል። የፊዚክስ ተመራማሪው ሾን ካርልሰን በ1985 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ባወጣው ጥናት፣ ኮከብ ቆጣሪዎች የአንድ ሰው የልደት ሰንጠረዥና የሦስት ሰዎች የባሕርይ መግለጫ ተሰጣቸው፤ ሥራቸው ከሦስቱ የትኛው የሰንጠረዡ ባለቤት እንደሆነ መለየት ነበር። ያገኙት ውጤት በዕጣ ከሚገኘው፣ ማለትም ከሲሶው፣ ያልዘለለ ሆነ። እኔ ይህን ውጤት አምኜ እቀበለዋለሁ። ሳተርን የዚያችን ሴት ልጅነት አከበደው ብሎ መናገር አይቻልም። ደብዳቤው ግን እናቷን ስለ 1982 እንድትጠይቅ፣ ሸክሟንም ከወንድሞቿ ጋር እንድትከፋፈል አድርጓት ከሆነ፣ ያንን ያደረገው በጥንቃቄ የጻፈላት ሰው ነው።

እንዲህ ያለ ደብዳቤ ለደረሳት አንባቢ አንድ ቀላል ማረጋገጫ አለ። የሚቀጥለው ጊዜ ከመምጣቱ በፊት ኮከብ ቆጣሪዋ የጻፈችውን አንድ ገጽ ላይ ቀድታ ታስቀምጥ፤ ከጎኑ ደግሞ እሷው ራሷ ከሰማዩ ምንም ሳትጠይቅ፣ ከሥራዋ፣ ከጤንነቷና ከቤተሰቧ ሁኔታ ተነስታ የምትጠብቀውን ትጻፍ። ግንቦት አልፎ ሰኔ ሲገባ ሁለቱን ገጾች ከሆነው ነገር ጋር ታስተያይ። ሳትጽፍ በትዝታ ብቻ ብታነጻጽር ግን የገጠመውን ታስታውሳለች፣ ያልገጠመውን ትረሳለች፤ ያኔ ደግሞ ማንኛውም ደብዳቤ ልክ ይሆናል።