አሥራ አንድ ማርፈድ፣ አንድ ደብዳቤ

የአንድ ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ የክስ መጥሪያ ይዘው ቢሮዬ መጡ። በማርፈድ ያሰናበቷት የሒሳብ ሠራተኛ ወደ ሥራዬ ልመለስ ብላ ከሳለች። እሳቸው ግን ብዙም አልተጨነቁም። ከጣት አሻራ ማሽኑ የወጣውን ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግተው፣ «አሥራ አንድ ጊዜ አርፍዳለች፤ አዋጁ የሚለው ስምንት ነው» አሉኝ።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 27 በእርግጥም በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ ማርፈድን ያለማስጠንቀቂያ ጊዜ ለማሰናበት ምክንያት ያደርገዋል። እንግዲያው አብረን ቆጠርን። የተሰናበተችው የካቲት 14 ስለሆነ ስድስቱ ወር ወደ ኋላ ሲሰላ ነሐሴ አጋማሽ ላይ ያበቃል፤ የሐምሌዎቹ ሁለቱ ወጡ። ከዘጠኙ አንዱ የድርጅቱ ሰርቪስ መንገድ ላይ የተበላሸበት ቀን ነው፤ የፋብሪካው የሥራ ደንብ ራሱ ይህን እንደ በቂ ምክንያት ይቀበላል። ስምንት ቀረ። ሥራ አስኪያጁ ፈገግ አሉ።

ማስጠንቀቂያውን እንዲያሳዩኝ ጠየቅኋቸው። ከማኅደሯ የወጣው ታኅሣሥ 3 የተጻፈ አንድ ደብዳቤ ብቻ ነው። «የሥራ ሰዓት እንዲያከብሩ» ይላል፤ የትኞቹን ቀናት እንዳረፈደች፣ ከቀጠለች ምን እንደሚከተል አንድም ቃል የለውም። ከስምንቱ ስድስቱ ከደብዳቤው በፊት የሆኑ ናቸው። አንቀጹ ግን ሠራተኛው በጽሑፍ እየተነገረው ማርፈዱን መቀጠሉን ነው የሚፈልገው። ወራት ሙሉ ዝም ብሎ ቆጥሮ በስተመጨረሻ ድምሩን ማቅረብ ወጥመድ ማጥመድ ይመስለኛል። ይባስ ብሎ፣ ከደብዳቤው በኋላ ባሉት ሁለት ወር ከምናምን ያረፈደችው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ማስጠንቀቂያው ሠርቷል ማለት ነው፤ እየታረመች ሳለ አባረሯት።

የምታረፍደው ለምን እንደሆነ ስጠይቅ፣ የልጇ መዋዕለ ሕፃናት በሩን የሚከፍተው ልክ ሥራ በሚገባበት በሁለት ሰዓት መሆኑን የነገሩኝ የክስ ማመልከቻዋን አንብበው ነው። ይህ በሥራ ደንቡም ሆነ በኅብረት ስምምነቱ ስላልተጻፈ ብቻውን ያድናታል ብዬ አልደፍርም። ነገር ግን ግማሽ ሰዓት ዘግይታ ገብታ ግማሽ ሰዓት ዘግይታ እንድትወጣ ማድረግ ሒሳብ ክፍልን የሚጎዳ ነገር አልነበረም። ከመሰናበቷ በፊት የጠየቃት ሰው ግን የለም።

ከተረታን፣ ችሎቱ ወደ ሥራ ባይመልሳት እንኳ የ180 ቀን አማካይ የቀን ደመወዝ እና የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያ ሊፈርድላት እንደሚችል ነገርኳቸው። አሁንም «እንከራከር» አሉ። «ጥሩ፤ የሌሎቹን የሒሳብ ክፍል ሠራተኞች የሰዓት መዝገብ ያምጡልኝ፤ ተቃራኒው ወገን መጠየቁ አይቀርም» አልኳቸው። የክፍሉ ኃላፊ ስንት ጊዜ እንዳረፈደ ሳያውቁ አልቀሩም። በሳምንቱ ደውለው በዕርቅ እንድጨርሰው ነገሩኝ።