«ሶፍት ኮፒ ይላኩልን» ብሎ መጻፍ ለምን አይበቃም?



ባለፈው ሴሚስተር ከወንድሞቻችን አንዱ የክፍል ተወካይ፣ ያው ሪፕ የምንለው፣ ለመምህሩ «የምዕራፍ ሦስትን ሶፍት ኮፒ ይላኩልን» ብሎ ጻፈ። መምህሩም አላስጠበቁም፤ በዚያው ማታ ፒዲኤፉን በቴሌግራም ላኩለት። ሪፑ ግሩፑ ላይ ለጠፈው፣ ሁሉም አመሰገነ፣ ጉዳዩ ተዘጋ። ከሦስት ቀን በኋላ ግን ማየት የተሳነው የክፍሉ ተማሪ ፋይሉን በኮምፒውተሩ ስክሪን ሪደር ሲከፍተው የሰማው የርዕሶቹን ድምፅ ብቻ ነበር። ዋናው ትምህርት ያለው ሥዕሎቹ ላይ ነበርና ስለ እነሱ ምንም አልተነበበለትም።

መምህሩ አላጠፉም፤ የተጠየቁትን ሰጥተዋል። ያጠፋነው እኛ ነን፣ ምን እንደምንፈልግ አልጻፍንም። ስለዚህ በዚህ እትም ደብዳቤው ምን ማለት እንዳለበትና ለምን እንደሆነ እናያለን።

ምሳሌያችን የኢኮኖሚክስ መግቢያ ይሁን። አንድ ስላይድ ላይ የፍላጎትና የአቅርቦት መስመሮች ተሥለዋል። መምህሩ ክፍል ውስጥ አንዴ ሲጫኑ የፍላጎት መስመር ብቻ ይመጣል። ሁለተኛ ሲጫኑ የአቅርቦቱ ይጨመርና የሚገናኙበት ነጥብ ይታያል። ሦስተኛ ሲጫኑ የፍላጎት መስመሩ ወደ ቀኝ ይሸሻል፤ አራተኛው ላይ አዲሱ ነጥብ ይወጣል፣ ዋጋውም መጠኑም ከፍ ይላል። ትምህርቱ ያለው በዚህ ቅደም ተከተል ውስጥ ነው። ፒዲኤፍ ሲሆን ግን አራቱም እርምጃዎች በአንድ ገጽ ላይ ይደራረባሉ። ዓይን ያለውም ቢሆን የትኛው መስመር ቀድሞ እንደመጣ አያውቅም፤ ስክሪን ሪደር ደግሞ ከሥዕሉ ምንም ላያገኝ ይችላል።

ዋናው የፓወርፖይንት ፋይል፣ ማለትም `.pptx` ያለው፣ ይህን ሁሉ ይዞ ይቀመጣል። `Animation Pane` ሲከፈት የትኛው ነገር በስንተኛ ደረጃ እንደሚመጣ በተራ ተዘርዝሮ ይታያል። ማስታወሻ የሚያዘጋጀው ተማሪ ያንን ተከትሎ በቃላት ይጽፈዋል፦ «የፍላጎት መስመር ከግራ ወደ ቀኝ ቁልቁል ይወርዳል፤ የአቅርቦት መስመር ሽቅብ ይወጣል፤ ፍላጎት ሲጨምር መስመሩ ወደ ቀኝ ይሸሻል፤ አዲሱ ሚዛን ከፊተኛው በላይና በስተቀኝ ነው።» ይህን ጽሑፍ ሥዕሉን በቀኝ ማውዝ ተጭኖ `Alt Text` የሚለው ውስጥ ማስገባት ይቻላል። ረዘም ካለ ግን ከሥዕሉ ሥር እንደ ተራ አንቀጽ ቢጻፍ ይሻላል፤ ያኔ ለሚያየውም ተማሪ ያገለግላል።

እይታቸው ለደከመም ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ፒዲኤፍ በስልክ ሲጎላ ብዙውን ጊዜ ገጹን ወደ ግራና ወደ ቀኝ መጎተት ግድ ነው። ከዋናው ፋይል የወጣ ጽሑፍ ግን ፊደሉ ሲተልቅ መስመሩ ራሱ ይታጠፋል፣ ቀለሙም ይቀየራል። ጽሑፍ ብቻ ሲሆን ደግሞ መጠኑ ትንሽ ነው፤ ለእረፍት ወደ ደባርቅ ወይም ዳባት ገጠር የሚሄድ ተማሪ በደካማ ኔትወርክም ያወርደዋል።

አንድ ነገር ግን እንዳትሳሳቱ። ፋይሉ `.pptx` ስለሆነ ብቻ ሁሉም ነገር አይነበብም። ፋይሉ እንደደረሳችሁ `View` ውስጥ `Outline View` የሚለውን ክፈቱ። የስላይዱ ጽሑፍ እዚያ ከታየ ጥሩ ነው። ስላይዱ ላይ እየታየ እዚያ ባዶ ከሆነ ግን ጽሑፉ ወይ በተናጠል ሳጥን ውስጥ ተጽፏል፣ ወይ ፎቶ ነው። ሳጥኑ ኮፒ ይደረጋል፤ ፎቶው እንደገና መተየብ አለበት። ቀመር በፎቶ ከመጣም በቃላት ይጻፋል፦ «አማካይ ማለት የሁሉም ቁጥሮች ድምር ለቁጥሮቹ ብዛት ሲካፈል ነው።»

በአማርኛ የሚሰጥ ኮርስ ሌላ ጣጣ አለው። ስላይዱ በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ከሆነ በዓይን አማርኛ ነው፣ ለኮምፒውተሩ ግን የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ዝብርቅርቅ ነው። ኮፒ አድርጋችሁ ሌላ ቦታ ስትለጥፉት ወዲያው ይታወቃል። `NVDA` የሚባለው ነፃ ስክሪን ሪደር አማርኛ የሚያነብ ድምፅ አለው፤ የሚያነበው ግን በዩኒኮድ የተጻፈውን ነው። ወደ ዩኒኮድ የሚቀይሩ ፕሮግራሞች አሉ፤ ከተቀየረ በኋላ ግን አንድ ሰው ከዋናው ጋር እያስተያየ ማንበብ ይኖርበታል።

አሁን ወደ ደብዳቤው። መምህራን ዋናውን ፋይል ለመስጠት የሚያመነቱት በምክንያት ነው። ሥራቸው ተቀይሮ በስማቸው እንዳይዞር ይሰጋሉ። አንዳንዴ ስላይዱ ከመማሪያ መጽሐፉ አሳታሚ የመጣ ስለሆነ የማሰራጨት ፈቃድ የላቸውም። ሌላው ብዙዎቻችን የማናስበው ነው፦ ከስላይዱ ሥር ባለው የማስታወሻ ቦታ የፈተና ጥያቄ ወይም መልስ ጽፈው ሊሆን ይችላል። ደብዳቤው ለእነዚህ ስጋቶች ቀድሞ መልስ ቢሰጥ ጥሩ ነው። እኛ ያዘጋጀነው ይህን ይመስላል፦

ቀን፦ ……
ለመምህር ……
ጉዳዩ፦ የምዕራፍ 3 ስላይድ ዋና ፋይል (`.pptx`) እንዲሰጠን ስለመጠየቅ

በክፍላችን በስክሪን ሪደርና በትልቅ ፊደል የሚያነቡ ተማሪዎች አሉ። የላኩልን ፒዲኤፍ ደርሶናል፣ እናመሰግናለን። ሆኖም ሥዕሎቹ ስለማይነበቡና ደረጃ በደረጃ የሚመጡት መስመሮች ስለተደራረቡ ልንጠቀምበት አልቻልንም። ዋናውን ፋይል ቢሰጡን የሥዕሎቹን መግለጫ በቃላት ጽፈን፣ ከመሠራጨቱ በፊት እንዲያዩት እናቀርብልዎታለን።

ፋይሉን የሚይዙት ማስታወሻውን የሚያዘጋጁት ሦስት ተማሪዎች ብቻ ናቸው። ግሩፕ ላይ አይለጠፍም፣ ለሌላ ክፍልም አይተላለፍም። በስላይዱ ሥር የግል ማስታወሻ ካለ `File`፣ `Info`፣ `Check for Issues`፣ `Inspect Document` በሚለው አስቀድሞ ማጥፋት ይቻላል። ፋይሉን መስጠት የማይመች ከሆነ ፒዲኤፉ `Save As` ተብሎ፣ `Options` ውስጥ `Document structure tags for accessibility` ተመርጦ ቢላክልን ለጊዜው ይረዳናል። ምዕራፉ በ…… ስለሚጀመር እስከ…… ቢደርሰን እናመሰግናለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የክፍሉ ተወካይ ……

ደብዳቤው ውስጥ የማንም ተማሪ ስም የለም። ይህ በስህተት አይደለም። ስሙ እንዲጻፍ የሚፈልግ ተማሪ ራሱ ይናገር፤ ሪፑ ከመጻፉ በፊት ሄዶ ይጠይቀው፣ የሚበጀው ምን ዓይነት ፋይል እንደሆነም ከእሱ ይስማ። እኛ ለሌላው መልካም መስሎን በትልቅ ፊደል አትመን የወሰድንለት ሰው የሚፈልገው በድምፅ ሆኖ ያውቃል።

ሕጉንም አልጠቀስንም። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በ2010 እ.ኤ.አ. ተቀብላለች፤ የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011ም ተቋማት ለአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች አመቺ እንዲሆኑ ያዛል። በመጀመሪያው ደብዳቤ አንቀጽ መደርደር ግን በእኛ አስተያየት መምህሩን የተከሰሱ ያስመስላቸዋል። መልስ ከጠፋ በሁለተኛው ደብዳቤ፣ ለትምህርት ክፍሉ ግልባጭ ሲደረግ፣ ያኔ ይጠቀሳል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከማስተርካርድ ፋውንዴሽንና ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በአካል ጉዳተኞች አካታችነት ላይ ስለሚሠራ ጉዳዩን የሚረዱ ሰዎች ግቢ ውስጥ አሉ።

«ግሩፕ ላይ አይለጠፍም» ያልነው አማና ነው። ፋይሉ ከሦስቱ ተማሪዎች እጅ ወጥቶ በሌላ ግሩፕ ከታየ ሁለተኛ ምዕራፍ አይሰጠንም፣ ቀጣዩ ሪፕም ለዚያ መምህር የሚጽፈው ደብዳቤ ዋጋ አይኖረውም። ስለዚህ ሦስቱ ሲመረጡ በኮምፒውተር ጎበዝ መሆናቸው ብቻ አይታይ።

ከላይ ያነሳነው ሪፕ በመጨረሻ በዚህ መልክ ጽፎ ፋይሉን አግኝቷል። መምህሩ መግለጫዎቹን ሲያዩ አንዱን አርመዋል፤ የአቅርቦት መስመሩ ሸሸ ብለን የጻፍነው በእርግጥ የሸሸው የፍላጎቱ ነበር።